ከስላይዱ ላይ የጠፋው «ስለዚህ»፦ ነጥቦችን ወደ ትረካ መለወጥ

ለክፍል ፕረዘንቴሽን ወይም ለዲፌንስ ስላይድ ሠርታችሁ ታውቁ ይሆናል። አሠራሩ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ከላይ ርዕስ፣ ከሥሩ አምስት ስድስት ነጥብ። ተራችሁ ሲደርስ ፊታችሁን ወደ ስክሪኑ ታዞሩና ነጥቦቹን አንድ በአንድ ጮክ ብላችሁ ታነባላችሁ። አዳማጩም አብሯችሁ ያነባል። እሱ ግን በዓይኑ ስለሚያነብ ቀድሟችሁ ይጨርሳል። እናንተ ሦስተኛው ነጥብ ላይ ስትደርሱ እሱ ስድስተኛውን አልፎ ስልኩን እያየ ነው።

የፍጥነቱ ልዩነት ቀላል አይደለም። በእንግሊዝኛ በተሠሩ ጥናቶች አንድ ጎልማሳ ድምፅ ሳያሰማ ሲያነብ በደቂቃ 240 ቃል ገደማ ያነባል። ሰው ሲናገር ግን በደቂቃ ወደ 150 ቃል አካባቢ ነው። የአማርኛ ቁጥር ከዚህ ይለያል፤ ምክንያቱም «አልነገርኳቸውም» የሚለው አንድ ቃላችን በእንግሊዝኛ አራት አምስት ቃል ይሆናል። ዓይን ከአፍ መፍጠኑ ግን በአማርኛም ያው ነው። አንድ ገጽ ወስዳችሁ አንዴ በልባችሁ፣ አንዴ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡና በስልካችሁ ሰዓት ለኩት።

ችግሩ ግን መሰላቸት ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት ነበር። ስላይዱን ማንበብ የአዳማጩን መረዳትም ይቀንሳል። አላን ባድሊ እና ግርሃም ሂች የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች በ1974 ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት፣ አእምሯችን አሁን እያሰበበት ያለውን ነገር ለጥቂት ሰከንድ የሚይዝበት ቦታ በጣም ጠባብ ነው። በውስጡም ለድምፅና ለቃል የሚሆን አንድ ክፍል፣ ለምስል የሚሆን ሌላ ክፍል አለው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመው። ጽሑፍ የሚገባው በዓይን ቢሆንም ስናነበው በውስጣችን ወደ ድምፅ እንቀይረዋለን። ስለዚህ የሚነበበው ጽሑፍና የሚሰማው ንግግር በአንድ በር ለመግባት ይጋፋሉ። ሥዕል ቢሆን ኖሮ በሌላ በር ይገባ ነበር።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳንታ ባርባራው ሪቻርድ ማየር ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ፈትኖታል። በ2001 በታተመው ሥራቸው ተማሪዎች መብረቅ እንዴት እንደሚፈጠር የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል አዩ። አንዱ ቡድን ሥዕሉን ከድምፅ ማብራሪያ ጋር ብቻ አየ። ሌላው ቡድን ደግሞ በሥዕሉና በድምፁ ላይ የማብራሪያው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ተጨመረለት። ብዙ የተሰጠው ቡድን ይበልጥ ይረዳል ብላችሁ ልትጠብቁ ትችላላችሁ። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ያገኙትን እውቀት አዲስ ጥያቄ ለመፍታት ሲጠቀሙበት ጽሑፍ ያልተጨመረላቸው ተማሪዎች በለጡ።

እና ምን እናድርግ? ብዙ ሰው «እሺ፣ ነጥቦቹን በሌላ ቃል እላቸዋለሁ» ይላል። ይህ ከማንበቡም የባሰ ሊሆን ይችላል። ዓይን አንድ ዐረፍተ ነገር እያየ ጆሮ ትንሽ የተለየ ዐረፍተ ነገር ሲሰማ፣ አዳማጩ ሁለቱን ማስታረቅ አለበት። በእኔ እምነት መነሳት ያለብን ከሌላ ጥያቄ ነው፦ ነጥብ በነጥብ የተጻፈ ዝርዝር ምንድነው የጎደለው?

መልሱ ማያያዣ ነው። ሐሳብን ወደ ነጥብ ስንቀንስ መጀመሪያ የምንጥላቸው ቃላት «ስለዚህ»፣ «ምክንያቱም»፣ «ግን»፣ «ካልሆነ ግን» የሚሉት ናቸው። ትንንሽ ስለሆኑ ትርፍ ይመስላሉ። ግን አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ያለውን ዝምድና የሚነግሩን እነሱ ብቻ ናቸው። ዝርዝር ሁሉንም ነገር እኩል አድርጎ ደርድሮ ይተዋል።

ይህ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በጥር 2003 (በፈረንጆቹ) ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ስትወነጨፍ ከነዳጅ ታንኳ የተላቀቀ የፎም ቁራጭ የግራ ክንፏን መታው። መንኮራኩሯ ገና ሕዋ ላይ እያለች ኢንጂነሮች አደጋ ይኖር እንደሆነ ለናሳ ኃላፊዎች በስላይድ አቀረቡ። ከስላይዶቹ የአንዱ ርዕስ ሲነበብ የቀደሙት ሙከራዎች በቂ የጥንቃቄ ትርፍ እንዳለ ያሳያሉ የሚል ስሜት ይሰጣል። ወደ ታች፣ ነጥብ በነጥብ ሥር ተደራርቦ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ግን አንድ ነገር ተጽፏል፦ የመታው ቁራጭ 1920 ኪዩቢክ ኢንች ሆኖ ተገምቷል፤ ሙከራው የተሠራው ግን በ3 ኪዩቢክ ኢንች ቁራጭ ነው። አካፍሉት፤ 640 እጥፍ ነው። ማለትም ሙከራው ስለዚህ አደጋ ምንም ሊነግረን አይችልም ማለት ነው። ስላይዱ ላይ ይህ እንደ አንድ ተጨማሪ ነጥብ ተቀመጠ እንጂ ርዕሱን የሚያፈርስ «ግን» ሆኖ አልቀረበም። የካቲት 1 ቀን (በፈረንጆቹ) መንኮራኩሯ ወደ ምድር ስትመለስ ተበታተነች፤ ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። የአደጋው ምክንያት አንድ ስላይድ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን መርማሪው ቦርድ በዚያው ዓመት ባወጣው ዘገባ፣ በዬል ዩኒቨርሲቲ ያስተማረውን ኤድዋርድ ተፍቲን ትንተና ጠቅሶ፣ ይህ አቀራረብ ለሕይወት የሚያሰጋውን መረጃ እንዴት እንደሸፈነው ለይቶ ጽፎታል።

እንግዲህ ትረካ ማለት ነጥቦቹን በድምፅ ማሳመር አይደለም። የተጣሉትን ማያያዣዎች መልሶ ማምጣት ነው። እስቲ ከቤታችን በማይርቅ ነገር እንሥራው። አንድ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ይህን ስላይድ ሠርቷል እንበል፦

የኤሌክትሪክ ምጣድ የኃይል አጠቃቀም
• የኃይል ፍጆታ፦ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ
• የመጋገሪያ ሙቀት፦ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ
• የሸክላው ሙቀት የማስተላለፍ አቅም ዝቅተኛ መሆን
• የማሞቂያ ጊዜ መርዘም
• ወደ ታችና ወደ ጎን የሙቀት ብክነት
• መፍትሔ፦ የሸክላውን ውፍረት መቀነስ፣ ኢንሱሌሽን ማሻሻል

ስሕተት የለበትም። ማንም መምህር ይቀበለዋል። አሁን ስላይዱን ዝጉትና መጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ ጻፉ፦ ይህ ስላይድ የትኛውን ጥያቄ ነው የሚመልሰው? «ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ነው» የሚል መልስ አይሆንም፤ ያ ርዕስ ነው። ጥያቄው «ምጣዱ ይህን ሁሉ ኃይል ለምን ይፈልጋል?» የሚል ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ከታወቀ የትረካው የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ተገኘ።

ቀጥሎ በየሁለቱ ነጥቦች መካከል ማያያዣ ቃል አስገቡ። ሦስተኛውና አራተኛው ቀላል ናቸው፦ ሸክላ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም፣ ስለዚህ ለመሞቅ ጊዜ ይወስዳል። አራተኛውና አምስተኛውስ? «ለመሞቅ ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚህ ወደ ታች ይባክናል» ብትሉ ጆሮ ላይ ደህና ይመስላል፤ ግን ምክንያቱ አይጨበጥም። «እንዲሁም» ብቻ ነው የሚገባው። «እንዲሁም» ከገባ ደግሞ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ነጥቦቹ በእውነት ጎን ለጎን የሚቆሙ ናቸው፣ ወይ በመካከላቸው የጠፋ ነገር አለ።

እዚህ ጠፍቷል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሙቀት የሚነሳው ከሸክላው ሥር ባለው ሽቦ ነው። ሙቀት በሸክላው ውስጥ እንዲያልፍ የታችኛው ወገን ከላይኛው ይበልጥ መጋል አለበት፤ ሸክላው ሙቀት አላሳልፍ ባለ ቁጥር ይህ ልዩነት ይሰፋል። ስለዚህ ላዩ 200 ዲግሪ ሲሆን ሽቦው ከዚያ በጣም ይበልጣል። የጋለው ሽቦ ደግሞ ወደ ታች ካለው ቀዝቃዛ አካል ጋር ያለው ልዩነት ስለሚበዛ በዚያ በኩልም ብዙ ሙቀት ያመልጣል። «ሽቦው ከላዩ በጣም ይበልጥ ይግላል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ስላይዱ ላይ የለም፤ ግን ሦስተኛውን ነጥብ ከአምስተኛው ጋር የሚያስረው እሱ ነው። ዝርዝር ሲሆን ጉድለቱ አይታይም። ትረካ ስትሠሩ ግን «ስለዚህ» ለማለት አፋችሁን ከፍታችሁ ትቀራላችሁ። ፈታኞች የሚጠይቁት ጥያቄም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ክፍተት ነው።

ሦስተኛው ሥራ የቋንቋችን ጉዳይ ነው። የአማርኛ ነጥቦችን አስተውሉ፦ «መርዘም»፣ «መቀነስ»፣ «ማሻሻል»፣ «ዝቅተኛ መሆን»። ሁሉም በ«መ» የሚጀምሩ፣ ከግስ የወጡ ስሞች ናቸው። ግሱ ስም ሲሆን አድራጊው ይጠፋል፣ ጊዜውም ይጠፋል። «ኢንሱሌሽን ማሻሻል» ሲባል ማን ነው የሚያሻሽለው? አሻሽላችኋል፣ ልታሻሽሉ ነው ወይስ ሌላ ሰው ያሻሽል ነው የምትሉት? ስላይድ ላይ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ለፈታኝ ግን ሦስቱ በጣም የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱን «መ» አውጥታችሁ ግሱን ከነባለቤቱ መልሱ፦ «አሻሻልን»፣ «ይባክናል»፣ «እንጠብቃለን»።

(በነገራችን ላይ «ሙቀት» የሚለው ቃላችን ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል፦ የሚፈሰውን ኃይልም፣ በዲግሪ የሚለካውንም እንጠራበታለን። የፊዚክስ ነገር ስትተርኩ ለሁለተኛው «የሙቀት መጠን» ብትሉ ብዙ ግርታ ይቀራል።)

ግሱን ስትመልሱ ግን ሌላ ወጥመድ አለ። በጽሑፍ ያስለመድነው አማርኛ እንዲህ ይላል፦ «በሸክላው ሙቀት የማስተላለፍ አቅም ዝቅተኛነት ምክንያት የሚከሰተውን የማሞቂያ ጊዜ መርዘምና ከዚሁ ጋር ተያይዞ የሚመጣውን የሙቀት ብክነት ለመቀነስ የኢንሱሌሽን ማሻሻያ ተደርጓል።» አንባቢ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ይችላል። አዳማጭ ግን አይችልም። አማርኛ ዋናውን ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ «ተደርጓል» እስኪመጣ ድረስ ያለውን ሁሉ ተሸክሞ መጠበቅ አለበት። ያ ጠባብ ቦታ ደግሞ ሞልቷል። መድኃኒቱ ግሱን ቶሎ ማምጣት፣ ማለትም ዐረፍተ ነገሩን መቁረጥ ነው። ለዚህ የሚቀለው መንገድ መጀመሪያ ከመጻፍ ይልቅ መናገር ነው፦ ስላይዱን ዝጋችሁ፣ ስልካችሁን ከፍታችሁ፣ ነገሩን ለታናሽ እህታችሁ እንደምታስረዱ ሆናችሁ ቅረጹት። ከዚያ የቀረጻችሁትን እያዳመጣችሁ በፓወርፖይንቱ ‘Notes’ ሳጥን ውስጥ ጻፉት። ነጥቦቹን እዚያ ገልብጦ ዳርና ዳሩ ላይ «እንደሚታወቀው» እና «ከዚህ በመቀጠል» መጨመር ግን ትረካ አይሆንም።

የምጣዱ ትረካ በዚህ መንገድ ሲሠራ እንዲህ ሊመጣ ይችላል፦

«እንጀራ ስንጋግር የምጣዱ ፊት 200 ዲግሪ ገደማ እንዲሆን እንፈልጋለን። ለዚህ ምጣዱ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ይህ ባለ 10 ዋት አምፖል 350 በአንዴ እንደ ማብራት ነው። ይህ ሁሉ ኃይል የት ይሄዳል? ከታች ያለውን ሽቦ እዩት። ሙቀቱ የሚነሳው ከዚህ ነው። እንጀራው ጋ ለመድረስ ግን ሸክላውን ማለፍ አለበት፤ ሸክላ ደግሞ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ከአልሙኒየም ጋር ብናወዳድረው ከመቶ እጥፍ በላይ ያንሳል። ስለዚህ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ የመጀመሪያውን ሊጥ ከማዞራችን በፊት ረጅም ጊዜ እንጠብቃለን። ሁለተኛው ይብሳል። ላዩ 200 እንዲደርስ ሽቦው ከዚያ በጣም በልጦ መጋል አለበት። የጋለ ሽቦ ደግሞ ሙቀቱን ወደ ላይ ብቻ አይልክም፤ በእነዚህ ቀስቶች በኩል ወደ ታችም ወደ ጎንም ይሄዳል። ይህን ለመቀነስ ሁለት መንገድ አለ፦ ሸክላውን ማሳሳት፣ ወይም ከሽቦው ሥር ያለውን ኢንሱሌሽን ማሻሻል። ሸክላ ሲሳሳ ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እኛ የጀመርነው ከታች ነው።»

ከስድስቱ ነጥቦች አንዱም አልቀረም። ቅደም ተከተላቸው ግን ተቀይሯል፤ 3.5 የሚለው ቁጥር ሰው በሚያውቀው ነገር ተለክቷል፤ የጠፋው ዐረፍተ ነገር ገብቷል፤ ሁለቱ መፍትሔዎችም እኩል ሆነው አልተደረደሩም፤ አንዱ ለምን እንደተመረጠ ተነግሯል። መጨረሻው ላይ ያለው «ግን» የሠራውን ሥራ አያችሁት?

አሁን ስላይዱ ራሱ ትርፍ ሆነ። ጽሑፉ በሙሉ በአፋችሁ ወጥቷላ። ስለዚህ ነጥቦቹን አጥፉና የምጣዱን ጎን የተቆረጠ ሥዕል አስገቡ፦ ላይ ሸክላ፣ መሐል ሽቦ፣ ታች ኢንሱሌሽን፤ ሦስት ስም ብቻ። ወደ ታችና ወደ ጎን የሚሄዱት ቀስቶች «በእነዚህ ቀስቶች» ስትሉ ብቻ እንዲመጡ አድርጉ። ቀድመው ከታዩ አዳማጩ «ይሄ ምንድነው?» እያለ ስለ ሽቦው የምትሉትን አይሰማም። ሥዕል ካልቻላችሁ በወረቀት ሥላችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ እውነቴን ነው፣ ከስድስት ነጥብ ይሻላል።

መሥራቱን ለማወቅ ሁለት ፈተና አለ። የመጀመሪያው፣ ፓወርፖይንት እያሳያችሁ ‘B’ን ስትጫኑ ስክሪኑ ይጠቁራል። እንዲህ አድርጋችሁ ለአንድ ጓደኛችሁ ተርኩለት። ክሩን ተከትሎ መጨረሻ ከደረሰ ትረካው ቆሟል፤ «ሽቦው የቱ ጋ ነው?» ብሎ ካቋረጣችሁ ደግሞ ሥዕሉ የሚያስፈልግበትን ቦታ አሳያችሁ። ምንም ሳይጎድለው ከጨረሰ ያ ስላይድ ላያስፈልግም ይችላል። ሁለተኛው፣ ስላይዱን ብቻ፣ ያለ ድምፅ፣ ነገሩን ለማያውቅ ሰው አሳዩት። ሁሉንም ከተረዳ እናንተ ትርፍ ናችሁ ማለት ነው፤ ተመልሳችሁ ጽሑፍ ቀንሱ። በዚህ ሚዛን ስላይድ ብቻውን ሲታይ ትንሽ ግራ ቢያጋባ ጥሩ ምልክት ነው። «ታዲያ ስላይዱን ለቀረ ሰው ብልክለትስ?» ካላችሁ፣ ትረካው ያለበትን ‘Notes’ አትማችሁ ላኩለት። ለመናገርና ለማንበብ የሚሆን አንድ ስላይድ መሥራት ሁለቱንም ያበላሻል።

በቃል መነበብ ያለባቸው ነገሮችም አሉ፦ ፍቺ፣ ቀመር፣ የሕግ አንቀጽ። እነዚህን ስታሳዩ ዝም በሉና አዳማጩ ያንብብ፤ እናንተም በልባችሁ ሁለቴ አንብቡት፣ ከዚያ ተናገሩ። ዝምታው ለእናንተ ረጅም ነው፤ ለእነሱ አይደለም። ወይም ደግሞ ፊደል በፊደል አንብቡት። ሦስተኛው አማራጭ፣ ማለትም ጽሑፉ ተሰቅሎ እያለ በሌላ ቃል መናገር፣ ቅድም ያልኩት ጭቅጭቅ ውስጥ ይከታቸዋል።

ይህ ሁሉ ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑም እኛ ላይ ይመጣል። ማየር ራሱ እንደሚለው፣ የሚሰማው ቋንቋ የአዳማጩ የአፍ መፍቻ ካልሆነ፣ ወይም ቃሉ ረጅምና አዲስ ከሆነ፣ ስክሪን ላይ ያለ ጽሑፍ ሊያግዝ ይችላል። በ2008 ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ሌላ ሥራም ከሥዕሉ አጠገብ የተቀመጡ ሁለት ሦስት ቃላት እንደ ሙሉ ዐረፍተ ነገር አልጎዱም። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ፤ ስላይዱ እንግሊዝኛ ሆኖ ማብራሪያው ወደ አማርኛ፣ ወደ ኦሮምኛ ወይም ወደ ሌላ ቋንቋችን መንሸራተቱም የታወቀ ነው። እንዲህ ባለ ክፍል «ተርማል ኮንዳክቲቪቲ» የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሮ ብቻ የሰማ ተማሪ ሊጽፈው እንኳ ይቸግረዋል። ስለዚህ ቃሉን ስክሪኑ ላይ፣ ከሥዕሉ ሸክላ አጠገብ፣ ብቻውን አስቀምጡት። «ሸክላ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም፣ ስለዚህ ሽቦው በጣም ይግላል» የሚለውን ግን በአፋችሁ ያዙት።